«ያልተጠበቀ» የምትለው ቃል

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ናት። ሁለት ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስቱንም ቀን ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። ስካቫተሩም ቆሞ ሂሳቡን ይቆጥር ነበር።

ሳይቱ ኮምቦልቻ ነው፤ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ። ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ፣ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ባለቤቱን ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ነግደው ያጠራቀሙትን ነው እዚያ መሬት ላይ የሚያፈሱት። ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። የምኖረው ደሴ ስለሆነ ሥራ ሲኖር ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ማታ እመለሳለሁ።

ያን ቀን ግን ገና ቁርስ ላይ እያለሁ ፎርማኑ ደወለ። «ኢንጂነር፣ አራተኛው ጥግ ላይ ነገር አለ።» ምን ዓይነት ነገር? «ባልዲው ሲነሳ አፈሩ ይንጠባጠባል። ብቅ ብትል ይሻላል።» ፎርማን «ብቅ በል» ካለ ወሬ ነው። «ብቅ ብትል ይሻላል» ካለ ግን ሻዩን ትቶ መነሳት ነው።

አውራ ጣትና ፌሮ

ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ወርዷል። በሦስቱ ጥጎች የሚታየው ልክ የአፈር ምርመራው ሪፖርት እንዳለው ነው፤ ቡናማ፣ ጠጠር የቀላቀለ፣ ዶማ ሲያርፍበት የሚጮህ አፈር። አራተኛው ጥግ፣ ሰሜን ምሥራቁ፣ ሌላ አገር ይመስላል። ከላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥቁር ሙሌት ነው። ውስጡ ፌስታል አለ፣ የከሰል ስባሪ አለ፣ የሸክላ ገል አለ። ፌስታል ያለበት አፈር እግዜር ያስቀመጠው አፈር አይደለም፤ ሰው የደፋው ነው። ከሱ በታች ግራጫ ጭቃ ይመጣል። ሽታው የረግረግ ነው።

መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ነገር ሞከርኩ። አንዱ አውራ ጣቴን ነው። ደህና ሸክላ አፈር ላይ አውራ ጣትህን ስትጫን ቢበዛ ምልክቱ ይቀራል፤ በጣም ጠንካራ ከሆነ ጥፍርህ ብቻ ነው የሚጭረው። እዚህ ግን ጣቴ ያለ ምንም ትግል ገባ። ሁለተኛው ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ነው። ቀጥ አድርጌ በእጄ ስገፋው አንድ ሜትር ያህል ሰመጠ። ሦስቱ ጥግ ላይ ያው ፌሮ አንድ ጣት እንኳ አልገባም።

አንድ ሸምገል ያሉ የቀን ሠራተኛ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኝ ነበር። «እዚህ'ኮ ፈፋ ነበር» አሉ። «ክረምት ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል። በኋላ ሰው ቆሻሻ እየደፋ ሞላው።» የት የት ይሄድ እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ። ከግቢው ጥግ ገብቶ በጎረቤት በኩል ይወጣል። እሳቸውን ያገኘኋቸው ዲዛይኑ ካለቀ፣ ፈቃዱ ከወጣ፣ ፌሮው ከተገዛ በኋላ ነው።

በማግስቱ ዲሲፒ አስመጣን። ቀላል መሣሪያ ነው። ስምንት ኪሎ መዶሻ በዘንግ ላይ እየተነሳ ይለቀቃል፣ ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ብረት በአንድ ምት ስንት ሚሊ እንደሚሰምጥ ይነበባል። ደህናው መሬት ላይ በምት 12 ሚሊ ገደማ ይወርዳል። አራተኛው ጥግ ላይ በምት ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ሰመጠ። በእጅ መቆፈሪያም ወረድን። ከመሬት ወለል 3.4 ሜትር ላይ ውሃ አገኘን። 4.8 ሜትር ላይ መቆፈሪያው ጠጠር ነካና እምቢ አለ። እንግዲህ ከመሠረታችን በታች 2.8 ሜትር ለስላሳ ጭቃ አለ ማለት ነው። ስፋቱ በግምት ስድስት በሰባት ሜትር። አራት ኮለን የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ሂሳቡ ምን አለ

ሂሳቡን ለሐጂ እንዳስረዳሁት በቶን ልንገራችሁ። ከባዱ ኮለን 90 ቶን ይሸከማል። የአፈር ምርመራው አንድ ካሬ ሜትር መሬት 20 ቶን በደህና ይችላል ብሎ ነበር። 90 ለ20 ሲካፈል አራት ካሬ ተኩል፤ ስለዚህ ከኮለኑ ሥር የሚነጠፈው የኮንክሪት መሠረት፣ ፉቲንግ የምንለው፣ ሁለት ሜትር ከሃያ በሁለት ሜትር ከሃያ ቢሆን በቂ ነው። ዲዛይኑ ይኼ ነበር። ለስላሳው ጭቃ ግን በካሬ 6 ቶን ቢሸከም ነው። 90 ለ6፣ 15 ካሬ። ፉቲንጉ ወደ አራት በአራት ሜትር ይጠጋል። ኮለኖቹ የሚራራቁት አራት ሜትር ተኩል ነው። ጎን ለጎን ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

ባለቤት ይህን ሲሰማ «ታዲያ ፉቲንጉን አስፉት» ይላል። ብዙ ኮንትራክተርም እንደዚያ ነው የሚለው። ችግሩ መሬቱ መቻሉ ላይ ብቻ አይደለም። ሁሉም ቤት ትንሽ ይወርዳል። ቤት እኩል ቢወርድ ማንም አያውቅም፤ ቤት የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ወርዶ ሌላው ሲቀር ነው። የብሎኬት ግድግዳ ላለው ሕንፃ የሚያዘው ልማድ በሁለት ኮለን መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት ርቀታቸው ለአምስት መቶ ተካፍሎ ከሚገኘው እንዳያልፍ ነው። በእኛ አራት ሜትር ተኩል ይህ 9 ሚሊ ነው። የትንሽ ጣት ውፍረት አይሞላም። በግምቴ ደህናው መሬት ላይ ያሉት ፉቲንጎች አንድ ሳንቲ ገደማ ይወርዳሉ። ጭቃው ላይ ያሉት ቢሰፉም አምስት ስድስት ሳንቲ ይወርዳሉ፣ ያውም ቀስ እያሉ፣ በዓመታት። ሐጂ ቤቱን ቀለም ቀብተው፣ አከራይተው ከጨረሱ በኋላ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

ሂሳቡ አንድ ሌሊት ነው የፈጀብኝ። ደብዳቤው ነው ያስቸገረኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«በመሠረት ቁፋሮ ወቅት በአፈር ምርመራ ሪፖርቱ ያልተመለከተ፣ ያልተጠበቀና ከአቅም በላይ የሆነ ለስላሳ የአፈር ንብርብር በመከሰቱ ምክንያት፣ የመሠረት ዲዛይኑን መቀየር አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለሚፈጠረው ተጨማሪ ወጪ በአሠሪው በኩል አስፈላጊው ዝግጅት እንዲደረግ እናሳስባለን።»

ሰዋስዉ አይነካም። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። አፈሩ «ተከሰተ»፣ ዲዛይን መቀየሩ «አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ»፣ ወጪው «ተፈጠረ»። በዚህ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ሰው የለም። ገንዘብ ሲመጣ ብቻ አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ አሠሪው።

ሐጂ ዓይናቸው ደከም ስላለ ደብዳቤውን ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ጨርሼ ቀና ስል ብዙ አላሉም። «ልጄ» አሉ፣ «ያልተጠበቀ ያልከው ማን ያልጠበቀው ነው?»

«ማንም፣ ሐጂ። ምርመራው አላሳየም።»

«ምርመራው ሲቆፈር ነበርኩ። ሦስት ጉድጓድ ነው የቆፈሩት። አራተኛውን ለምን ተዉት?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አራተኛው ጥግ ላይ የሳቸው አሮጌ መጋዘን ነበር። በዕቃ የተሞላ ነው። የአፈር መርማሪዎቹ መግባት አልቻሉም። ሪፖርታቸው ውስጥ አንዲት መስመር ጽፈዋል፤ «በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ጉድጓድ አልተቆፈረም፣ በመሠረት ቁፋሮ ጊዜ ይረጋገጥ።» ያቺን መስመር አንብቤያታለሁ። አንብቤም ከዲዛይኑ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ከሚጻፉት ማስታወሻዎች መሐል፣ ዘጠነኛ ቁጥር ላይ አስቀምጫታለሁ። ለሐጂ ግን አልነገርኳቸውም።

ይህንን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አንድ ቀን ነበር የሚበቃኝ» አሉ። «ዕቃውን አወጣላችሁ ነበር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አዘዙልኝ። «አብሽር» አሉኝ ጭራሽ። «ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም። ወረቀቱን እንደገና ጻፈው። ስትጽፈው ደግሞ እኔ እንደሚገባኝ አድርገህ።»

ሁለት ዓይነት ወጪ

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያቺን «አንድ ቀን» እያሰብኩ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ አንድ ነገር ተለየልኝ። ይህ ነገር ያስከተለው ወጪ አንድ አይደለም። ሁለት ነው። ደብዳቤዬ ደግሞ ሁለቱን አጣብቆ አንድ አድርጓቸው ነበር።

አንደኛው የመሬቱ ወጪ ነው። ጭቃው እዚያው ነበር፤ እኔም ሐጂም ሳንወለድ ፈፋው ነበር። ከዓመት በፊት ብናገኘው ኖሮ ያኔውኑ ጠንከር ያለ መሠረት እንሠራ ነበር፣ ሲሚንቶውንም ፌሮውንም ሐጂ ይገዙ ነበር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። የቦታው ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ዘግይቶ የማወቅ ወጪ ነው። ስካቫተር የቆመበት ቀን፣ ለፉቲንግ ተቆርጦ የማይሆን ፌሮ፣ ዲዛይኑን ዳግም መሥራት፣ የተሻሻለውን ፕላን ለከተማው የሕንፃ ፈቃድ ክፍል እንደገና ማቅረብ። መጋዘኑ አንድ ቀን ቢከፈት ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ይህኛው በሐጂ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

«ያልተጠበቀ» የምትለው ቃል ሥራዋ ይህንን ልዩነት መሸፈን ነው። በውል ቋንቋ እርግጥ ቦታ አላት። ልምድ ያለው ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው የመሬት ሁኔታ ሲገኝ ኮንትራክተሩ ጊዜና ወጪ እንዲጠይቅ ትልልቆቹ ውሎች ይፈቅዳሉ። ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ያው የሐጂ ጥያቄ ነው፤ ማን ያልጠበቀው? ኮንትራክተሩ በእርግጥ አልጠበቀም። እኔ ግን «ይረጋገጥ» የሚል መስመር በእጄ ይዤ አልጠበቅኩም ማለት ይከብዳል።

ውሃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ ይባል የለ። ማታ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤ

አዲሱ ደብዳቤ መጀመሪያ ያደረገው የሚፈለግባቸውን ውሳኔ ነው፦

«ሐጂ፣ ይህን የምጽፍልዎ እስከ ግንቦት 25 አንድ ውሳኔ እንዲሰጡኝ ነው፤ የሕንፃው መሠረት በየኮለኑ ከሚቆም ፉቲንግ ወደ አንድ ወጥ ማት እንዲቀየር። እስከዚያ ድረስ በአራቱም ጥግ ኮንክሪት እንዳይፈስ ለኮንትራክተሩ በጽሑፍ ነግሬያለሁ። ደህናው ጥግ ላይም ቢሆን፣ አንድ ፉቲንግ ከተሞላ ማት ለመሥራት መፍረስ አለበት።»

ቀጥሎ ያየነውን ጻፍኩ። ያየነውን ብቻ። የት፣ ስንት ሜትር ላይ፣ በምን ተለክቶ። ፎቶ አያያዝኩ፤ ፌሮው ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ ጎኑ ሜትር ተዘርግቶ። ሜትር የሌለበት ፎቶ ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ እንዲህ የሚል አንቀጽ መጣ፦

«በዚህ ጥግ ጉድጓድ አለመቆፈሩ በአፈር ምርመራው ሪፖርት ላይ ተጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። መጋዘኑን እንዲከፍቱ ልጠይቅዎ ሲገባ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ዲዛይኑን ዳግም የሠራሁበትን አላስከፍልም። ስካቫተሩ ስለቆመባቸው ቀናት ሦስታችን፣ እርስዎ፣ ኮንትራክተሩና እኔ፣ ተቀምጠን እንነጋገራለን።»

አንድ ጓደኛዬ ይህን አንቀጽ ሲያይ «አብደሃል?» አለኝ። ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ በዚህ ወረቀት ትያዛለህ ማለቱ ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሪፖርቱ እኮ በሐጂ እጅ ነው ያለው። ያቺን መስመር ከእኔ ቢሰሙት ወይስ ነገ ልጃቸው አንብቦ ቢነግራቸው?

ከዚያ አማራጮቹ። ለእያንዳንዱ ለምን እንደሚሆን ወይም እንደማይሆን ጻፍኩ። ማስፋት የማይሆነው ከላይ በነገርኳችሁ ምክንያት ነው። ጭቃውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ብዙ ቦታም የሚሠራው እሱ ነው። እዚህ ግን እስከ 4.8 ሜትር መውረድ አለብን፣ ውሃው 3.4 ላይ ነው፣ የጎረቤት ግንብ ደግሞ ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ከሃያ ብቻ ነው የሚርቀው። ውሃ እየሳብን ከግንቡ ሥር ስንወርድ ግንቡ ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል። የራሳችንን ቤት ልናድን የሰው ቤት ልንጥል ነው።

ማቱን እንዲህ ብዬ ገለጽኩት። «ማት ማለት ትሪ ነው። አሥራ ስድስቱ ኮለኖች በየራሳቸው ሳህን ከሚቆሙ አንድ ትሪ ላይ ይቆማሉ። ሕንፃው በሙሉ 880 ቶን ነው። በ210 ካሬ ላይ ሲዘረጋ በካሬ 4.2 ቶን ይሆናል። የማቱ ክብደት አንድ ቶን ተኩል፣ በላዩ የምንመልሰው ገረጋንቲ ሁለት ቶን ተኩል ይጨምራል። በአንጻሩ ከጉድጓዱ ያወጣነው አፈር በካሬ 3.4 ቶን ይመዝን ነበር፣ እሱ ተነስቷል። ስለዚህ መሬቱ ላይ በአዲስ የሚጨመረው በካሬ 4.8 ቶን ገደማ ነው። ጭቃው 6 ይችላል።»

ሐጂ ከደብዳቤው ሁሉ የወደዱት የወጣው አፈር የሚቀነሰውን ነው። «ሚዛን ላይ መጀመሪያ የነበረውን ማንሳት ነዋ» አሉ። ነጋዴ ናቸው እኮ።

ማቱ ምን እንደማያደርግም ጻፍኩ። ትሪ ስንጥቅን ይከላከላል፣ ግን ትሪም ያጋድላል። ከአንድ ጎኑ ለስላሳ ነገር ካለ ቤቱ ሳይሰነጠቅ ወደዚያ ሊያዘነብል ይችላል። ለዚህ ነው ከማቱ ሥር፣ በዚያ ጥግ፣ አንድ ሜትር ጭቃ አውጥተን በገረጋንቲ በየ20 ሳንቲው እየጠቀጠቅን የምንተካው። አንድ ሜትር ብቻ፤ ከመሬት ሦስት ሜትር ላይ ያቆመናል፣ ውሃው ጋ ሳይደረስ፣ ግንቡም ሳይነካ። ቀሪው ጭቃ እዚያው ይቀራል። በአራቱም ጥግ ኮለኖች ላይ የሌቭል ምልክት ይተከላል፣ ወለል በተጨመረ ቁጥር ይለካል።

ወደ ጎን አንዲት ነገር ልበል። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ መፍረሷን በእኛ በኩል ያሉ ሽማግሌዎች ያነሳሉ። ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ለስላሳ አፈር ላይ ኮለኖችን በአንድ ሰሌዳ ማሰር በራሱ ጥቅም ነው። ይህን ግን ደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ነው ያስገባሁት። ሰውን አስፈራርቶ ማስፈረም አልፈለግኩም።

ዋጋውን በብር ብቻ አልጻፍኩም። የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥበት ጊዜ ላይ ነበርን። መጠኑን ጻፍኩ፤ ማቱ 60 ሳንቲ ውፍረት፣ 126 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ከፉቲንጎቹ ወደ 95 ኩብ የሚበልጥ። ፌሮው ወደ አሥር ቶን ይጨምራል። ከጎኑ የዛሬውን ብር አስቀምጬ «ለ15 ቀን የሚቆይ» አልኩ። ቁጥሩ ትልቅ ነው። አላሳነስኩትም። ከሱ ቀጥሎ የጊዜው ጉዳይ መጣ። ሐምሌ ገብቶ ጎርፉ ድሮ የሚያውቀውን ፈፋ ፈልጎ ቢመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለዚህ ነው ግንቦት 25 ያልኩት።

ሐጂ ሲፈርሙ

ይህኛውን ልጃቸው ነው ያነበበላቸው። እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት፤ «አንብቤዋለሁ» የሚለው ላይ። መልሶ አነበበላቸው። ከዚያ ቀጥል አሉት።

ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ወለል ቢቀነስስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራሁት። አንድ ወለል ሲቀነስ ከባዱ ኮለን ወደ 72 ቶን ይወርዳል፣ ፉቲንጉ ግን አሁንም 12 ካሬ ይፈልጋል፣ የመውረዱም ልዩነት አይጠፋም። «እንግዲያው መቀነሱ ኪሳራ ነው» አሉና ፈረሙ።

የስካቫተሩ ሂሳብ ላይ የተነጋገርነው ሌላ ቀን ነው። ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ኮንትራክተሩ ከጠየቀው ትንሽ ቀነሰ፣ እኔም የድርሻዬን ከፈልኩ። ደስ አላለኝም፣ ግን አልተከራከርኩም።

ማቱ የተሞላው ሰኔ ውስጥ ነው፤ ሙሉ ቀንና ግማሽ ሌሊት ፈጀ። አሁን ሕንፃው ሦስተኛ ወለል ላይ ነው። ባለፈው ስንለካ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ 11 ሚሊ ወርዷል፣ ማዶው ጥግ 6። በመካከላቸው ከ13 ሜትር በላይ ርቀት አለ፣ ስለዚህ ለጊዜው ደህና ነን። ገና ሁለት ወለል ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ደወሉ። ያንን ደብዳቤ አንድ ኮፒ አምጣልኝ አሉ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጎረቤቴ ሊሠራ ነው» አሉ። «ፈፋው በሱም ግቢ ነው የሚያልፈው።»

የዋጋውን ገጽ አውጥቼ ሌላውን ላክሁላቸው። «አንብቤዋለሁ» የሚለውን አንቀጽ ግን አላወጣሁትም።